«90 በመቶ ተጠናቋል» ለሚል አቅራቢ የሚጻፍ ደብዳቤ

ፋብሪካዎች ግዢን፣ መጋዘንን፣ ምርትን፣ ሒሳብንና ደመወዝን በአንድ ቋት የሚያገናኘውን ሶፍትዌር ኢአርፒ ይሉታል። ሶፍትዌሩ ተገዝቶ በማግስቱ ሥራ አይጀምርም። አቅራቢው ባለሙያዎቹን ልኮ የፋብሪካውን አሠራር ያጠናል፣ ሶፍትዌሩን በዚያ ልክ ያስተካክላል፣ የቆየውን መረጃ ያስገባል፣ ሠራተኛውንም ያሠለጥናል። ይህ ወራት ስለሚፈጅ ውሉ ሥራውን በምዕራፍ ይከፋፍለዋል። በቢሮ ቋንቋ ማይልስቶን የሚባለው ይኸው ነው። እያንዳንዱ ምዕራፍ የማብቂያ ቀን፣ የሚያስረክበው ነገርና የሚከፈልበት ገንዘብ አለው።

ቀኑ ሲያልፍ ደብዳቤ መጻፍ ይመጣል። ጸሐፊው ብዙ ጊዜ የኦፕሬሽን ዳይሬክተሩ ነው፤ ሲስተሙ ቢበላሽ የሚቆመው የእሱ ማሽን፣ የሚዛባውም የእሱ መጋዘን ነውና። ችግሩ ደብዳቤው አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በንዴት መሆኑ ነው። «በተደጋጋሚ ብናሳስብም መፍትሔ ስላልሰጣችሁን በእጅጉ አዝነናል፤ በአስቸኳይ እንድታጠናቅቁ» ይልና ማኅተም ተመቶበት ይላካል። አቅራቢው «ችግሩ የመረጃ መዘግየት ነው፤ በቅርቡ እናጠናቅቃለን» ብሎ በሁለት መስመር ይመልሳል። ሁለቱም ደብዳቤዎች ፋይል ውስጥ ይገባሉ፤ ሥራው ግን ያው ባለበት ነው።

የተሻለው ደብዳቤ ምን እንደሚመስል ለማየት አንድ ምሳሌ እናብጅ። ፋብሪካው የፕላስቲክ ማሸጊያ ያመርታል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር አዲሱም ሲስተም በዚያው ቀን ሥራ እንዲጀምር መስከረም ላይ ውል ተፈረመ። በውሉ መሠረት ፋብሪካው የዕቃዎቹን ዝርዝር እስከ ጥር 15 ማስረከብ ነበረበት። አቅራቢው የመጀመሪያውን የመረጃ ሙከራ የካቲት 15 ያጠናቅቃል፤ የፋብሪካው ሠራተኞች ደግሞ ሙሉውን ሚያዝያ ሲስተሙን በራሳቸው እጅ ይፈትሻሉ። ዛሬ ግንቦት 12 ነው፤ ፍተሻው አልተጀመረም። የአቅራቢው ሪፖርት ሚያዝያ 6፣ ሚያዝያ 20 እና ግንቦት 4 ላይ ስለ መረጃው ሥራ በተከታታይ ያለው አንድ ነገር ነው፤ «90 በመቶ ተጠናቋል»። የዚህ ምዕራፍ የክፍያ ጥያቄም አብሮ ቀርቧል።

ዳይሬክተሯ ደብዳቤውን የምትጀምረው እዚህ ላይ ነው። ጉዳዩ የሚለው ቦታ ላይ «ያልተጠናቀቁ የሥራ ምዕራፎችን ስለማሳወቅና የተከለሰ የሥራ ዕቅድ ስለመጠየቅ» ብላ ትጽፍና በቀጥታ ወደ ነገሩ ትገባለች፦

«በውላችን አባሪ ላይ እንደተመለከተው የመረጃ ሙከራ ተጠናቀቀ የሚባለው በሲስተሙ ውስጥ የገባው የዕቃ ቀሪ ሒሳብ በቆጠራ ከተረጋገጠው ጋር ያለ ልዩነት ሲመሳከርና የሁለታችን ተወካዮች ሲፈርሙበት ነው። መጋቢት 20 በተካሄደው ሙከራ ይህ አልተሟላም። ለሚያዝያ 10 ቀጠሮ የተያዘለት ሁለተኛ ሙከራም እስከ ዛሬ አልተካሄደም። ስለሆነም ምዕራፉ እንዳልተጠናቀቀ እናሳውቃለን።»

የዚህ አንቀጽ ጉልበት ከመቶኛ ክርክር መውጣቱ ነው። ዘጠናው የምን ዘጠና ነው? የተጻፈው ፕሮግራም ነው? የገባው መረጃ ነው? ያለቀው ሰዓት ነው? ማንም ሊመልሰው አይችልም። የርክክብ መስፈርቱ ግን መልስ አለው፤ ተመሳክሯል ወይም አልተመሳከረም። ውሉ መስፈርት ካልጻፈ ዳይሬክተሯ የምትይዘው የላትም። እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ ከሚከሽፍባቸው ምክንያቶች ውስጥ ትልቁ ይኸው ይመስለኛል፤ ጥፋቱ የተሠራው ከስምንት ወር በፊት ውሉ ሲፈረም ነው።

ቀጥሎ ማስረጃው ይመጣል። በመጋቢቱ ሙከራ ከ6,200 ዕቃዎች ውስጥ 1,330ዎቹ በሲስተሙ ተቀባይነት አላገኙም። ገብተዋል ከተባሉትም መካከል የከፋው ስሕተት ተገኘ። የፕላስቲኩ ጥሬ ዕቃ በ25 ኪሎ ከረጢት እየተገዛ ማሽን ላይ የሚፈሰው በኪሎ ነው። ስቶር ኪፐሩ ቢን ካርዱ ላይ 400 ከረጢት አለኝ ይላል፤ አዲሱ ሲስተም ደግሞ 400 ኪሎ አለ ይላል። መጋዘን ውስጥ 10,000 ኪሎ ተደርድሮ ሲስተሙ ግን ጥሬ ዕቃ እያለቀ ነው ብሎ የግዢ ጥያቄ ያወጣል፤ የምርቱም ወጪ ስሌት ይዛባል። ሁለቱ ወገኖች የፈረሙበት የዲዛይን ሰነድ አንድ ከረጢት 25 ኪሎ መሆኑን በግልጽ ይናገራል። መረጃ ማስገቢያውን ቅጽ ያዘጋጀው አቅራቢው ነው፤ በቅጹ ላይ ግን መለኪያውን የሚቀይረው ዓምድ የለም። ዳይሬክተሯ የሰነዱን ገጽ፣ ቅጹንና የቢን ካርዱን ቅጂ አባሪ ታደርጋለች፤ ሌላ ክርክር አያስፈልጋትም።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ክፍል መጣ፤ የራስን ድርሻ መጻፍ። የፋብሪካው የዕቃ ዝርዝር የደረሰው ጥር 15 ሳይሆን ጥር 29 ነው። ሲደርስም ንጹሕ አልነበረም። አንዱን የጥሬ ዕቃ ዓይነት ግዢ ክፍል በአንድ ስም፣ ስቶር በሌላ፣ ሒሳብ በሦስተኛ መዝግበውታል። ከተመለሱት 1,330 ዕቃዎች 910ሩ እንዲህ የተደጋገሙ ወይም ምድብ የሌላቸው ሲሆኑ 420ዎቹ በአቅራቢው ቅጽ ጉድለት የወደቁ ናቸው። ደብዳቤው ሁለቱንም ይናገራል፦

«የዕቃ ዝርዝሩን በ14 ቀን አዘግይተን አስረክበናል፤ 910 ዕቃዎችም በእኛ በኩል ሊስተካከሉ ይገባ ነበር። ማስተካከያውን ሚያዝያ 2 አጠናቀን በኢሜይል ልከናል፤ ደረሰኝ ብላችሁ የመለሳችሁት ተያይዟል። ሙከራው ከየካቲት 15 ወደ መጋቢት 20 በ35 ቀን ተገፍቷል። ከዚህ ውስጥ 14ቱን በእኛ ላይ ብንቆጥር እንኳ ለቀሩት 21 ቀናት ምክንያት አልቀረበልንም። ከሚያዝያ 10 ወዲህ ላለው መዘግየትም እንዲሁ።»

የሕግ ክፍሉ «ለምን እናምናለን?» ብሎ ሊደነግጥ ይችላል። ነገር ግን አቅራቢው ያንን የ14 ቀን መዘግየት በእጁ ይዞታል፤ የመጀመሪያ መልሱም እሱው ነው። ሳትጠየቅ ቀድማ በቀን ለክታ ስታስቀምጠው ሰበቡ ከ14 ቀን በላይ መለጠጥ ያቅተዋል። እዚህ ላይ ግን ቀን መቁጠር ብቻውን እንደማይበቃ ልብ ማለት ያስፈልጋል። በዚያው ጊዜ የአቅራቢው ባለሙያዎች ወደ ሌላ ደንበኛ ሄደው ከነበረ ዝርዝሩ በቀኑ ቢደርስም የሚሠራው ሰው አልነበረም። ስለዚህ በየሳምንቱ ስብሰባ የሚያዝ ቃለ ጉባኤ ዋጋ አለው፤ ማን ተገኘ፣ ማን ቀረ፣ ምን ተባለ።

ሌላው ጉዳይ ሕጉ ነው። ውሉ በኢትዮጵያ ሕግ የሚገዛ ከሆነ ይህ ደብዳቤ ከማሳሰቢያ ያለፈ ሥራ አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1772 እንደሚለው አንድ ተዋዋይ ሌላው ውሉን አልፈጸመም ብሎ ከመከራከሩ በፊት ግዴታውን እንዲፈጽም ማስጠንቀቂያ ሊሰጠው ይገባል። ቀጣዮቹ ቁጥሮች ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ሊሆን እንደሚችል፣ የግዴታው ጊዜ ሳይደርስ እንደማይሰጥ፣ ምክንያታዊ የጊዜ ገደብ ሊቀመጥበት እንደሚቻልም ይደነግጋሉ። ማስጠንቀቂያ የማያስፈልግባቸው ሁኔታዎች በ1775 ተዘርዝረዋል፤ ውሉ ራሱ አያስፈልግም ካለ አንዱ ነው። እንግዲህ በስልክና በቴሌግራም ለወራት የተጨቃጨቀ ደንበኛ ነገሩ ፍርድ ቤት ቢደርስ «መቼ አስጠነቀቅኸው?» መባሉ አይቀርም። አንዳንድ የሶፍትዌር ፈቃድ ውሎች በሌላ አገር ሕግ ስለሚገዙ ይህን አንቀጽ ከመጻፍ በፊት ውሉን ገልጦ ማየት ይገባል።

ክፍያውን በተመለከተ ዳይሬክተሯ የምትይዘው የዚህን ምዕራፍ ብቻ ነው፤ የተረከቧቸው ምዕራፎች ክፍያ በወቅቱ ይቀጥላል። ሁሉንም ማገድ የሚያረካ ቢመስልም አቅራቢው ሰዎቹን ሰብስቦ እንዲወጣ ምክንያት ይሰጠዋል፤ ግማሽ የተሠራ ሲስተምን ሌላ ድርጅት ተረክቦ መጨረስ ደግሞ ከባድ ነው።

የደብዳቤው የመጨረሻ ክፍል የተከለሰው ዕቅድ ነው። «አዲስ ቀን አሳውቁን» ብቻ ከተባለ አቅራቢው ቀን ይልካል፤ ቀን መጻፍ ቀላል ነውና። እሷ የምትጠይቀው ዕቅድ ግን የትኛው ሥራ የትኛውን እንደሚጠብቅ፣ እያንዳንዱን ሥራ ማን በስሙ እንደሚሠራ፣ ከፋብሪካው ምን በየትኛው ቀን እንደሚፈለግ፣ የእያንዳንዱ ምዕራፍ ርክክብ በምን እንደሚረጋገጥ የሚያሳይ ነው። በ10 የሥራ ቀን ውስጥ እንዲቀርብና በአንድ ስብሰባ እንዲፈረም ትጠይቃለች። አንድ ነገር ደግሞ ከወዲሁ ትዘጋለች፤ «የሠራተኞች ፍተሻ ከ30 ቀን እንዲያንስ አንስማማም።»

ይህን የምትለው በምክንያት ነው። መዘግየት የሚካካሰው ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ካለው ሥራ ተቆርሶ ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለው ደግሞ ፍተሻ ነው። የአሜሪካው ቸኮሌት አምራች ኸርሺ አራት ዓመት ይፈልጋል የተባለውን የሲስተም ለውጥ በሁለት ዓመት ተኩል ለመጨረስ ተጣድፎ፣ በ1999 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሐምሌ ላይ ገበያው ሊደራ ሲል ሥራ አስጀመረው። ለሃሎዊን በዓል የቀረበለትን የ100 ሚሊዮን ዶላር ያህል ትዕዛዝ ማድረስ አልቻለም፤ ከረሜላው መጋዘን ውስጥ እያለ ሲስተሙ አያውቀውም ነበር።

ሐምሌ 1 እንዳመለጠ ግልጽ ስለሆነ ሁለት መንገድ ይቀራል። አንደኛው ሁሉንም ጥር 1፣ በበጀት ዓመቱ እኩሌታ ላይ መጀመር ነው። ያኔ የስድስት ወር የሒሳብና የደመወዝ ድምር ወደ አዲሱ ሲስተም መሻገር አለበት። ሁለተኛው ግዢንና መጋዘንን ቀድሞ አስጀምሮ ሒሳቡን ለመጪው ሐምሌ ማቆየት ነው። ይህ ለሒሳብ ሹሞቹ ይቀላል፤ ስቶሩን ግን ለወራት በሁለት ሲስተም መካከል ስለሚያንጠለጥለው በየወሩ መጨረሻ ማስታረቅ ግድ ይላል። እኔ ብሆን ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ የዚህ ፋብሪካ ቁስል ያለው መጋዘኑ ላይ ነውና። ዳይሬክተሯ ግን ምርጫዋን በደብዳቤው አትናገርም፤ አቅራቢው ሁለቱንም በየወጪያቸው እንዲያቀርብ ትጠይቃለች።

መልሱ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው የመጨረሻው ቀን አይደለም። ሁለተኛው የመረጃ ሙከራ የትኛው ቀን ተቀመጠ? የመለኪያ ቅጹን የሚያስተካክለው ሰው ስሙ ተጽፏል? የፍተሻው 30 ቀን አልተነካም? የሙከራው ቀን ከሰኔ አጋማሽ ካለፈ፣ በስሙ ቦታ «የቴክኒክ ቡድን» ከተባለ ወይም ፍተሻው ወደ ሁለት ሳምንት ከወረደ ዕቅዱ ሳይፈረም ይመለሳል። ሁለተኛው ደብዳቤ ያኔ ለፕሮጀክት ማናጀሩ ሳይሆን ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ፣ በግልባጭ ደግሞ ለሁለቱም የሕግ ክፍሎች ይጻፋል።