ዋርፋሪን፣ ጎመንና የጾም ወራት

ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የጀመረ ሰው ከመድኃኒት ቤት ሲወጣ ኪኒኑን ብቻ ይዞ መውጣት የለበትም። ፋርማሲስቱ በእጁ የሞላው አንድ የምክር ወረቀት አብሮት መሄድ አለበት። በእኛ አገር ይህን መድኃኒት ከሚወስዱት መካከል ብዙዎቹ በልጅነታቸው በተደጋጋሚ የጉሮሮ ሕመም ምክንያት የልብ በራቸው የተጎዳ፣ ገና በጉልምስና ያሉ ሰዎች ናቸው። የቤት ሥራ አላቸው፣ ልጅ ያሳድጋሉ፣ ይጾማሉ። ወረቀቱ ከውጭ አገር መመሪያ ተገልብጦ ስለ ብሮኮሊ ከማውራት ይልቅ ስለ ጎመን፣ ስለ ጾምና ስለ ፋሲካ ቢያወራ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

መድኃኒቱ እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ ልንገራችሁ። ጉበታችን ደምን የሚያረጉ አንዳንድ ፕሮቲኖችን የሚሠራው በቫይታሚን ኬ እየታገዘ ነው። ዋርፋሪን ይህን ቫይታሚን ሰውነት ደጋግሞ እንዳይጠቀምበት ያግደዋል፤ ደሙም ቶሎ አይረጋም። ቀድሞ የተሠሩት ፕሮቲኖች ግን እስኪያልቁ ጊዜ ይወስዳሉ፤ ሙሉ ውጤቱ የሚታየው አምስት ቀን ገደማ ቆይቶ ነው። ዛሬ የተዋጠው ኪኒን ውጤቱ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ በምርመራ ላይ ስለሚታይ፣ «አልሠራልኝም» ብሎ በራስ ፈቃድ መጨመር አደገኛ ነው። የተረሳ ኪኒን በዚያው ቀን ከታወሰ ይወሰዳል፤ ካደረ ግን ይታለፋል እንጂ በማግስቱ ሁለት አይዋጥም።

የደሙን መቅጠን የምናውቀው አይኤንአር በሚባል የደም ምርመራ ነው። መድኃኒቱን የማይወስድ ጤነኛ ሰው ውጤቱ 1 አካባቢ ነው። የልብ በሩ ጠብቦ የልብ ምቱ ለተዛባ ሰው ከ2 እስከ 3 እንዲሆን እንፈልጋለን። በግራ የልብ ክፍል በሚገኘው ሚትራል በሚባለው በር ምትክ ሰው ሠራሽ የብረት በር ለተገጠመለት አብዛኛውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 3.5 ይሆናል። ቁጥሩ ከወረደ ደም ይረጋል፣ ከወጣ ደግሞ ይፈሳል።

ምግብ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አንዲት ሴት በቀን 90 ማይክሮ ግራም ያህል ቫይታሚን ኬ ይበቃታል። 100 ግራም የተቀቀለ አረንጓዴ የቅጠል ጎመን ግን ብቻውን 400 ያህል ሊይዝ ይችላል፤ ቆስጣም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ጥቅል ጎመን በጣም ያንሳል። ምስር ወጥና ሥጋ ደግሞ እምብዛም የላቸውም።

አንድ ምሳሌ እንከተል። የ34 ዓመት እናት ናት እንበል፤ በየቀኑ 5 ሚሊ ግራም ትወስዳለች፤ በሳምንት 35 ማለት ነው። በጥር ወር ውጤቷ 2.5 ነበር፣ ደህና። በየካቲት ዐቢይ ጾም ገባ። ሥጋው፣ ወተቱና እንቁላሉ ቀረ፤ ጎመን ከሳምንት አንድ ቀን ወደ ዕለት ተዕለት ምግብነት ተሸጋገረ። በመጋቢት ስትመረመር 1.5 ሆነ። ሐኪሙ «ኪኒንሽን ትዘያለሽ?» ብሎ ጠየቃት፣ እሷም እውነቷን «ኧረ አንድም ቀን» አለችው። ስለ ምግቧ አልተነሳም። መጠኑ ጨመረላት፦ አምስት ቀን 5፣ ሁለት ቀን 7.5፣ በሳምንት 40። ውጤቷ ወደ 2.4 ተመለሰ፣ ሁሉም ደስ አለው።

ከዚያ ፋሲካ መጣ። ዶሮውና ሥጋው ተተካ፤ ጎመኑ ከገበታ ጠፋ። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፤ የምግቡ ለውጥ ለሳምንታት ይዘልቃል። ለጾሙ ተብሎ የጨመረው መጠን ግን አልተቀነሰም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጥርሷን ስትፋቅ ድዷ ይደማ ጀመር፤ ሲለካ 5.2 ሆኖ ተገኘ። ኪኒኗ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ቆሞ፣ መጠኑ ወደ ቀድሞው ተመልሶ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ እንደገና መለካት ይኖርባታል።

እዚህ ጎመኑም ጾሙም ጥፋተኛ አይደሉም። «ጎመን አትብሉ» የሚለው የተለመደ ምክር በእኔ እምነት ትክክል አይደለም። ቫይታሚን ኬ ከምግቡ ጨርሶ የጠፋበት ሰው ውጤቱ ይበልጥ ይዋዥቃል፤ አንዲት ቀን የበላት ጎመን እንኳ ታናውጠዋለች። የምንፈልገው ቅጠላ ቅጠሉ በየሳምንቱ ተቀራራቢ እንዲሆን ነው። በፍስክም ወቅት በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ጎመን የሚበላ፣ በጾም ደግሞ ከጎመኑ ጋር ሽሮውን፣ ምስሩንና ድንቹን እያፈራረቀ የሚበላ ሰው መጠኑ ብዙም አይቀያየርም። ከጾሙ መግቢያ አንድ ሳምንት ገደማ በኋላ አንድ ምርመራ፣ ከፋሲካ አንድ ሳምንት በኋላ ሌላ ምርመራ ቢቀጠርላት ኖሮ ሁለቱም መዛባት በጊዜ ይያዝ ነበር። ቀኖቹን በወረቀቷ ላይ ቀድሞ መጻፍ ለፋርማሲስቱ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

ኪኒኑ ራሱ ምግብ አይጠብቅም። ማታ 2 ሰዓት ላይ ማድረግ ይመቻል፤ የጾመም የሮመዷን ጿሚም ያለ ችግር ይወስደዋል፣ የዕለቱ ምርመራ ውጤት ደርሶ መጠኑ ቢቀየርም የዚያኑ ዕለት ማስተካከል ይቻላል። ጸበል የሚሄድ ሰውም ኪኒኑን ይዞ ይሂድ። ጠጅም ሆነ አረቄ በአንድ ጊዜ በብዛት መጠጣት ግን ውጤቱን ወደ ላይ ይገፋዋል።

ከምግቡ ይልቅ የሚያስፈራኝ ከሱቅና ከጎረቤት የሚገኘው ኪኒን ነው። ለራስ ምታትና ለወገብ የሚዋጡት ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ጨጓራን ያቆስላሉ፤ ደሙ የቀጠነ ሰው ቁስሉ በቀላሉ አይቆምለትም። ፓራሲታሞል ይሻላል፣ እሱም በብዛት ለቀናት ከተወሰደ ሐኪም ይወቀው። ለተቅማጥ የሚታዘዘው ሜትሮኒዳዞልና ኮትሪሞክሳዞል ውጤቱን በጥቂት ቀናት ውስጥ ያሻቅቡታል፤ የቲቢው ሪፋምፒሲን ደግሞ በተቃራኒው ያወርደዋል። ልታረግዝ የምታስብ ሴትም ቀድማ ትንገረን፤ ዋርፋሪን በተለይ በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት ፅንስን ሊጎዳ ይችላል።

ደም መፍሰስን ከቤት ሆኖ መለየት ይቻላል። ሳይመታ የሚበልዝ ሰውነት፣ ሲፋቁ የሚደማ ድድ፣ ከወትሮው የበዛ የወር አበባ በዚያው ቀን ለሐኪም ወይም ለፋርማሲስት ይነገር። ነስር ሲመጣ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ የአፍንጫን ለስላሳ ክፍል 10 ደቂቃ ያህል ሳይለቁ መያዝ ነው፤ ካልቆመ ወደ ጤና ተቋም።

ሽንት ቀልቶ ወይም ቡናማ ሆኖ ከመጣ፣ ትውከት የቡና አተላ ከመሰለ፣ ሰገራ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ከተጣበቀና ከሸተተ ለነገ አይታደርም። የደም ማነስ የብረት ኪኒን የምትወስድ ሴት ሰገራዋ በኪኒኑም ሊጠቁር ይችላል፤ መላ መትቶ ከመተው መርምሮ መለየት ይበልጣል። ራሱን የተመታ ሰው ቁስል ባይኖረውም፣ ሕመም ባይሰማውም ሆስፒታል ይሂድ፤ በጭንቅላት ውስጥ የሚፈስ ደም ከሰዓታት በኋላ ሊገለጥ ይችላል። ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት፣ የአንድ ጎን መስነፍ፣ የአንደበት መተሳሰርም እንዲሁ፤ ደሙ ረግቶም ፈስሶም ሊሆን ስለሚችል ቤት ውስጥ መለየት አይቻልም።

ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ ቀድሞ የሚነገረው «ዋርፋሪን እወስዳለሁ» የሚለው ነው። ወረቀቱ ላይ የመጨረሻው ውጤት፣ የሚወሰደው መጠን፣ መድኃኒቱ የታዘዘበት ምክንያት፣ የብረት በር መኖር አለመኖሩ ይጻፍ፤ የመጨረሻው ኪኒን የተዋጠበት ሰዓትም ይነገር። ዋርፋሪንን የሚሽረው ቫይታሚን ኬ ነው፤ የብረት በር ላለው ሰው ግን ከልክ በላይ ከተሰጠ በሩ ላይ ደም ሊረጋበት ስለሚችል፣ ሐኪሙ ይህን ከመርፌው በፊት ማወቅ አለበት።