ከዲሪቬቲቩ በፊት

የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ሒሳብ አስጠናለሁ፤ ዘንድሮም እየመዘገብኩ ነው። ልጃችሁን ከማምጣታችሁ በፊት ግን እኔ ዘንድ ምን እንደሚጠብቃችሁ ልንገራችሁ።

አብዛኛው ወላጅ «ካልኩለስ ከበዳት፣ እሱን አስረዳልን» ይለኛል። በመጀመሪያው ቀን ምንም አላስረዳም፤ ጥያቄ ሰጥቼ ስትሠራ አያለሁ። አምና ለአንዲት ተማሪ የ f(x) = x³ − 3x² + 4 ክሪቲካል ነጥቦችን ፈልጊ አልኳት። ዲሪቬቲቩን ወዲያው አወጣች፦ 3x² − 6x። ትክክል ነው። ዜሮ አደረገችውና 6xን አሻግራ 3x² = 6x ጻፈች። ከዚያ ሁለቱንም ወገን ለ3x አካፍላ x = 2 ብላ አሰመረችበት።

«ሌላስ የለም?»

«የለም ቲቸር፣ አለቀ።»

«እስቲ በx ቦታ 0 አስገቢ።»

አስገባች። ሁለቱም ወገን ዜሮ ሆነ። ወረቀቱን ደጋግማ አየችው።

ለ3x ስታካፍል x ዜሮ አይደለም ብላ ሳታስበው ወስናለች፤ አንዱ መልስ የጠፋው እዚያ ላይ ነው። 3x(x − 2) = 0 ብላ ፋክተር ብታደርገው 0ም 2ም ይወጡ ነበር። ካልኩለሱን ችላዋለች፤ የጎደላት ከታች ክፍል ይዛው መምጣት የነበረባት አልጀብራ ነው። ፈተናው ምርጫ ነውና «2 ብቻ» የሚል መልስ ከተደረደሩት መካከል ካገኘች ልክ ነኝ ብላ ታልፋለች።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ክፍተት ያላት ልጅ የመጀመሪያዎቹን 5 ወይም 6 ሳምንታት ከእኔ ጋር ፋክተር፣ ክፍልፋይና ኤክስፖነንት ትሠራለች። በዚህ ጊዜ የትምህርት ቤት ውጤቷ ላይንቀሳቀስ ይችላል። ወላጅ ተጨንቆ የሚደውልልኝም ያኔ ነው።

በሳምንት 2 ቀን፣ በየቀኑ 2 ሰዓት እንገናኛለን። በቀሩት ቀናት ለብቻዋ 40 ደቂቃ ትሥራ፤ አጠገቧም ማንም አይቀመጥ። እኔ ፊት ስትሠራ ስህተቷን የምታውቀው ፊቴን አይታ ነው። ፈተና ላይ እኔ የለሁም።

ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ከሆኑ ወዲህ ብዙ ወላጅ ዋስትና ይጠይቀኛል። ይህን ያህል ታመጣለች ብዬ ቃል አልገባም። ፈተናው 2 ወር ሲቀረው የሚመጣ ተማሪም ሁሉንም ክፍተት መድፈን አይችልም። ለእሱ ካልኩለሱን ወደ ጎን ትተን ስታቲስቲክስንና ሲኩዌንስን እናጠናክራለን፤ ይህንንም በመጀመሪያው ቀን ለቤተሰቡ እናገራለሁ።

የመጀመሪያው ቀን አይከፈልበትም። ልጃችሁ ስትመጣ ያለፉ የፈተና ወረቀቶቿን ትያዝ፤ በተለይ ዝቅተኛ ውጤት ያመጣችባቸውን፣ ሥራዋ ሳይጠፋ እንዳለ።