ከእህቶች ረድፍ ሲታይ፦ ስላይዳችን ለምን አልተነበበም?



ባለፈው ክረምት ከቢቸናና ከሞጣ በኩል የመጣን የጀመዓችን ተማሪዎች ወደ ሮብ ገበያ ሄደን ነበር። ጉዳያችን 12ኛ ክፍልን ለጨረሱ ልጆችና ለወላጆቻቸው ስለ ዩኒቨርሲቲ ምዝገባ ገለጻ መስጠት ነው። ቀኑን ረቡዕ ያደረግነው ገበያው የሚቆመው ያን ቀን ስለሆነና ወላጆች ከየገጠሩ ስለሚወጡ ነው። ሰዓቱም ከዙህር ሶላት በኋላ ሆነ፤ ከዚያ ከዘገየ ሰው ወደ ቤቱ መንገድ ይጀምራል። ስለዚህ ያገኘነውን አሮጌ ፕሮጀክተር ያበራነው በቀን ብርሃን፣ መስኮቱ ብዙ በሆነ አዳራሽ ውስጥ ነው።

ስንጀምር እንደ ልማዳችን «ይታያል?» ብለን ጠየቅን። «ይታያል!» አሉ። የመለሱልን ግን ከፊት የተቀመጡት ወንድሞች ናቸው። እህቶችና እናቶች ከኋላ ነበሩ፤ እነሱ ምንም አላሉም፤ እኛም ዝምታውን እንደ «አዎ» ቆጠርነው። ገለጻው ካለቀ በኋላ አንዲት እህት የጻፈችው ትክክል መሆኑን ልታረጋግጥ ደብተሯን ይዛ መጣች። የመመዝገቢያውን ቀን ጥቅምት 8 ብላዋለች። ስላይዱ ላይ ያለው ጥቅምት 3 ነበር። እሷ ባትጠይቀን ኖሮ አምስት ቀን ዘግይታ ልትሄድ ነው። ሳይጠይቁን የሄዱት ስንት እንደሆኑ አላህ ይወቅ።

የዚያኑ ቀን ማታ ላፕቶፑን ከፍተን ስላይዱን ስናየው ደግሞ ምንም ችግር የለበትም። ጥቁር አረንጓዴ መደብ፣ ወርቃማ ጽሑፍ፣ ቀኑ «ጎልቶ እንዲታይ» በቀይ። ብዙዎቻችን ለጀመዓ ዝግጅት የምንሠራው ስላይድ ይህን ይመስላል። ታዲያ ላፕቶፑ ላይ የሚያምረው ግድግዳው ላይ ምን ሆነ? በሚቀጥለው ረቡዕ እንደገና ልናቀርብ ስለነበር ቀደም ብለን ሄደን አዳራሹን ለካነው።

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ነገር ፕሮጀክተር ጥቁር ማብራት እንደማይችል ነው። ፕሮጀክተር የሚያውቀው ብርሃን መጨመር ብቻ ነው። ስላይዱ ላይ ጥቁር የሆነው ቦታ ግድግዳው ላይ ሲደርስ የሚኖረው መልክ በመስኮት ብርሃን የተመታው ግድግዳ መልክ ነው። (ማሽኑ ለጥቁሩም ቢሆን ጥቂት ብርሃን ያፈስሳል፤ ለስሌቱ ግን እንተወው።) ስለዚህ የጽሑፉና የመደቡ ልዩነት፣ ማለትም ኮንትራስቱ፣ የሚወሰነው በመረጥነው ቀለም ብቻ ሳይሆን በመስኮቱም ነው።

አለካኩ ቀላል ነው። የብርሃን መለኪያ አፕ የጫነ ስልክ ግድግዳው ላይ፣ ፊቱን ወደ አዳራሹ አድርገን ያዝን። የስልክ መለኪያ ልኩን አይናገርም፤ ሁለት ቦታ ለማነጻጸር ግን ይበቃል። የፕሮጀክተሩን ሌንስ ስንከድነው 200 ሉክስ አነበበ፤ ይህ የመስኮቱ ድርሻ ነው። ሙሉ ነጭ ስላይድ ስናበራ 600 ሆነ። ስለዚህ የፕሮጀክተሩ ድርሻ 400 ነው ማለት ነው። ከዚህ አዳራሽ ልናገኝ የምንችለው ትልቁ ኮንትራስት 600 ለ200፣ ማለትም 3 ለ1 ብቻ ነው። ላፕቶፕ ላይ ጥቁር በነጭ 21 ለ1 ተብሎ ይሰላል። ለድረ ገጽ የወጣው ዓለም አቀፍ የተደራሽነት መመሪያ ደግሞ ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5፣ ለትልልቅ ጽሑፍ ቢያንስ 3 ይጠይቃል። እኛ ከሁሉ የተሻለውን ቀለም መርጠን እንኳ ከዝቅተኛው ወለል ላይ ነበርን።

አሁን የእኛን ቀለሞች እናስገባ። ጥቁር አረንጓዴው (`#006400`) ከነጭ ብርሃን 9 በመቶ ያህሉን ይሰጣል፤ ወርቃማው (`#FFD700`) 70 በመቶ ያህሉን፤ ቀዩ (`#FF0000`) 21 በመቶ ያህሉን። እያንዳንዱን በ400 አባዝተን የመስኮቱን 200 እንደምርበት። መደቡ 236፣ ወርቃማው ጽሑፍ 479 ይሆናል፤ ልዩነቱ 2 ለ1 ነው። ቀዩ 285 ይሆናል፤ ከመደቡ ጋር ያለው ልዩነት 1.2 ለ1 ብቻ! አጉልተን ልናሳየው ያልነው ቀን ከስላይዱ ሁሉ የማይታየው ነገር ሆኖ ተገኘ። ላፕቶፑ ላይ ዓይናችን ቀዩን ከአረንጓዴው የለየው በቀለሙ ዓይነት ነበር፤ ግድግዳው ላይ የመስኮቱ ብርሃን ሁለቱንም አደብዝዞ አመሳሰላቸው። ቀይና አረንጓዴ መለየት የሚያስቸግረው ሰው በመካከላችን ካለ ደግሞ ለእሱ ከጅምሩም አልታየውም።

ብዙ ርካሽ ፕሮጀክተሮች ላይ ጉዳዩ ከዚህም ይብሳል። ነጩን ለማድመቅ ሲባል በሚሽከረከረው የቀለም ጎማቸው ላይ ቀለም የሌለው ክፍል ይጨመርበታል። ነጭ ሲደምቅ ቀለም ግን ያን ያህል አይደምቅም፤ ወርቃማው ሰናፍጭ መስሎ የሚወጣው በዚህ ነው።

መፍትሔው ሁለት ነገር ሆነ። አንደኛ፣ ጽሑፉን ሁሉ ጥቁር፣ መደቡን ነጭ አደረግን። ገልብጦ ነጭ በጥቁር ማድረግም ይቻላል፤ ስሌቱ አይለወጥም። የማይሆነው መሐል ላይ ያለ ቀለም ነው። አረንጓዴውን የወደደ ወንድማችን ቅር ስላለው ከላይ ጠርዙ ላይ ቀጭን መስመር ትተንለታል፤ መስመር አይነበብም፣ ምንም አይጎዳም። ቀኑን ለማጉላት ከቀለም ይልቅ ደማቅ አጣጣልና መጠን ተጠቀምን። ሁለተኛ፣ መስኮት ከደንን። ሁሉንም አይደለም፤ ሰው በሞላበት አዳራሽ አየር ያስፈልጋል። ብርሃኑን በቀጥታ ወደ ግድግዳው የሚወረውሩት ለግድግዳው የቀረቡት ሁለት መስኮቶች ነበሩ። ነጭ ኬሻ ሞከርን፤ ብርሃን ያሳልፋል። ጋቢ አጥፈን ስንሰቅል ግን የመስኮቱ ድርሻ ከ200 ወደ 80 ወረደ። ጥቁር በነጭ 480 ለ80፣ ማለትም 6 ለ1 ሆነ። አሮጌው ወርቃማ ስላይድ በዚያው ግድግዳ፣ ጋቢው ተሰቅሎ እንኳ፣ ከ3.1 አያልፍም ነበር። የቀለም ለውጡ ብቻውን አይበቃም፤ ጋቢውም ብቻውን አይበቃም።

ቀጥሎ የፊደል መጠን። እዚህ ላይ ጥፋታችን ሳናውቀው የተደራረበ ነበር። ስላይዱ የተጻፈው በ18 ፖይንት ነው። እኛ የጀመርነው በ28 ነበር፤ ጽሑፍ በጨመርን ቁጥር ፓወርፖይንት ዝም ብሎ እያሳነሰው መጣ። ይህን ለማስቆም በሳጥኑ ቅንብር ውስጥ `Do not Autofit` የሚለውን መምረጥ ነው፤ ያኔ ጽሑፉ ከሳጥኑ ሲወጣ ይታያችኋል፤ መቀነስ ያለበት መጠኑ ሳይሆን ቃሉ መሆኑንም ትረዳላችሁ። ከዚህ በተጨማሪ ስላይዳችን ሰፊው፣ 16:9 የሚባለው ቅርጽ ነበር፤ አሮጌው ፕሮጀክተር ደግሞ 4:3 ነው። ግድግዳው ላይ 2 ሜትር ስፋትና 1.5 ሜትር ቁመት የሚሞላ ምስል ሲችል፣ ከላይና ከታች ባዶ ትቶ 1.12 ሜትር ያህል ብቻ ተጠቀመ። ፊደሉ ሁሉ በሩብ አነሰ ማለት ነው።

የፓወርፖይንት ስላይድ ቁመት 540 ፖይንት ነው። 18 ፖይንት ከዚያ ውስጥ አንድ ሠላሳኛ ነው፤ በ1.12 ሜትር ምስል ላይ 3.7 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከዚህ ውስጥ የፊደሉ አካል የሚይዘው ሁለት ሦስተኛውን ያህል ነው (ከፎንት ፎንት ይለያያል)፤ ስለዚህ ግድግዳው ላይ የታየው ፊደል 2.5 ሴንቲ ሜትር ነበር። ሳይጨነቁ ለማንበብ የፊደሉ ቁመት ከርቀቱ ሁለት መቶኛ ቢሆን ጥሩ ነው። በዚህ ልክ 2.5 ሴንቲ ሜትር የሚነበበው እስከ 5 ሜትር ነው። የእህቶች የመጨረሻ ረድፍ 12 ሜትር ላይ ነበር፤ ለዚያ 6 ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋል። «ይታያል» ያሉን ወንድሞች አልዋሹም፤ 5 ሜትሩ ውስጥ ነበሩ።

የአማርኛ ፊደል ከዚህ ጋር የራሱ ጣጣ አለው። «ሰጠ» እና «ሰጡ»፣ «ገዛ» እና «ገዙ» የሚለዩት ከእግራቸው ላይ ባለች ትንሽ ቅጥያ ነው። ፕሮጀክተሩ በአግድም 800፣ በቁመት 600 ነጥብ ብቻ የነበረው ስለሆነ ያ ፊደላችን በጠቅላላው 10 ነጥብ ገደማ ቁመት ነበረው፤ ቅጥያዋ አንድ ነጥብ ወይም ሁለት ብትደርሳት ነው። ካርቶኑ ላይ ከዚያ የሚበልጥ ቁጥር ቢጻፍም ብዙ ጊዜ ማሽኑ የሚቀበለውን እንጂ የሚያወጣውን አይደለም። የዐረብኛው ነገር ደግሞ ይከብዳል፤ በመድረሳ የቀራን ሁላችን እንደምናውቀው ባእ፣ ታእ እና ሣእ የሚለያዩት በነጥብ ብቻ ነው፤ ሐረካው ከዚያም ያንሳል። የቁርኣን አንቀጽ ከእነ ሐረካው የሚቀርብ ከሆነ ከአማርኛው አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ይተልቅ፤ አንድ አንቀጽ ለብቻው አንድ ስላይድ ቢይዝ ይገባዋል።

ስለዚህ በ`Slide Size` ገብተን `Standard (4:3)` አደረግነው፤ ፎንቱንም ከ`Nyala` ወደ `Noto Sans Ethiopic` ቀየርን፤ `Nyala` ቀጫጭን መስመሮች አሉት፤ በደካማ ብርሃን መጀመሪያ የሚጠፉት እነሱ ናቸው። መጠኑን 36 ፖይንት ስናደርገው ፊደሉ ግድግዳው ላይ 6.7 ሴንቲ ሜትር ሆነ፤ እስከ 13 ሜትር ይነበባል። በአንድ ስላይድ ዘጠኝ መስመር የነበረው ወደ አምስት ወርዶ ስላይዶቹ በዙ። ፕሮጀክተሩን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ ምስሉን ማሳነስም ብርሃኑን ያጠነክራል፤ ስፋቱ 1.5 ሜትር ቢሆን ከ400 ወደ 700 ይደርስ ነበር። ነገር ግን ፊደሉም አብሮ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ይወርድና ከ10 ሜትር አያልፍም፤ እህቶቹ እንደገና ይቀሩ ነበር። ለአጭር ክፍል እንጂ ለእኛ አልሆነም።

ይህን ሁሉ ከቤት ሳይወጡ መሞከር ይቻላል። የመጨረሻው ረድፍ 12 ሜትር፣ ምስሉ 1.5 ሜትር ከሆነ ርቀቱ የምስሉ ቁመት 8 እጥፍ ነው። የላፕቶፕ ስክሪን ቁመት 20 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 8 እጥፉ 1.6 ሜትር ነው፤ ስላይዱን ሙሉ ስክሪን አድርጋችሁ ከዚያ ርቀት ቁሙና አንብቡ። ለኮንትራስቱ ደግሞ ላፕቶፑን ደጅ አውጡት። የቀኑ ብርሃን ስክሪኑን ሲያደበዝዘው ቀድሞ የሚጠፋው ጽሑፍ አዳራሹ ውስጥም ቀድሞ ይጠፋል።

በሁለተኛው ረቡዕ ፀሐይ ወጣችና ከጋቢው ጎን ብርሃን ገባ፤ ስልኩ 80 ያለው ወደ 130 ወጣ። እንዲህ ሲሆን የሚደረግ ብዙ ነገር የለም። ቀኑንና ማስረጃዎቹን አስቀድመን በትልቅ ወረቀት ላይ በጥቁር ማርከር ጽፈን ስለነበር ከእህቶች ረድፍ አጠገብ ሰቀልነው። «ይታያል?» ብለንም አልጠየቅንም። ከመጨረሻው ረድፍ አንዲት እናት አብራቸው የመጣችውን ልጃቸውን «እስቲ አንቺ፣ ቀኑን ከግድግዳው አንብቢልኝ» አሏት፤ «ጥቅምት ሦስት» አለች።