ሳሙና የሚበላ ውሃ

ድሬዳዋ ላይ ልብስ ያጠበ ሰው ውሃው ሳሙና እንደሚበላ ያውቃል። ሳሙናው ቢፈተግ ቢፈተግ አረፋ እምቢ ይላል፤ ሳፋው ላይ ነጭ ቅባታማ ፍርፋሪ ይንሳፈፋል። የከተማዋ ውሃ የኖራ ድንጋይ ካለበት ከርሰ ምድር ስለሚወጣ ካልሲየም ይዞ ይመጣል። ካልሲየሙ ሳሙናውን ይይዝና ውሃ ወደማይሟሟው ፍርፋሪ ይለውጠዋል። አረፋ መታየት የሚጀምረው ካልሲየሙ ተይዞ ሲያልቅ ነው። እንዲህ ያለው ውሃ ጠጣር ውሃ ይባላል።

የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪ ጥሩ የኬሚስትሪ ፕሮጀክት የሚያገኘው እዚሁ ላይ ነው። ውሃው የበላው ሳሙና ከተለካ ጠጣርነቱ ተለካ ማለት ነው። በአበርዲን ያስተምር የነበረው ቶማስ ክላርክ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተጠቀመበት መንገድ ይኸው ነበር።

መጀመሪያ 4 ግራም ያህል ሽታና ቀለም የሌለው የልብስ ሳሙና ይፋቅና በግማሽ ሊትር የተጣራ ውሃ ይሟሟል። የዱቄት ሳሙና አይሆንም፤ የተሠራው ካልሲየም እንዳያከሽፈው ተብሎ ነው። ቀጥሎ ከትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪ 1.47 ግራም ካልሲየም ክሎራይድ (ሁለት ውሃ ያለው ዓይነት) ተመዝኖ በ1 ሊትር የተጣራ ውሃ ይበጠበጣል። ከዚህ 200 ሚሊ ሊትር ወስደን እስከ 1 ሊትር ስናቀጥነው፣ በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ በሊትር 200 ሚሊ ግራም ጠጣርነት ያለው ማነጻጸሪያ ውሃ ይሆነናል።

አሁን 25 ሚሊ ሊትር ውሃ በንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይደረጋል። በመርፌ አልባ ሲሪንጅ ሳሙናው በግማሽ በግማሽ ሚሊ ሊትር እየተጨመረ፣ በየጊዜው 10 ሰከንድ ተንጦ ጠርሙሱ ይጋደማል። አረፋው የውሃውን ፊት ሸፍኖ 5 ደቂቃ ከቆየ ልኬቱ አለቀ። ቶሎ የሚሟሽሽ አረፋ ያሳስታልና መታገስ ያስፈልጋል።

ቁጥሮቹን ለማሳያ እንዲህ እንያዛቸው። የተጣራ ውሃ 0.5፣ ማነጻጸሪያው 6.5 ሚሊ ሊትር ሳሙና ጠየቁ። ልዩነቱ 6 ስለሆነ እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ሳሙና በሊትር 33 ሚሊ ግራም ያህል ጠጣርነት ይወክላል። የቧንቧ ውሃው 5 ሚሊ ሊትር ከወሰደ 0.5ቱን ቀንሰን 4.5ን በ33 ስናባዛ 150 ገደማ እናገኛለን። ፍርፋሪው በዝቶ አረፋው የማይለይ ከሆነ ውሃውን በተጣራ ውሃ እጥፍ አቅጥኖ መልሱን በ2 ማባዛት ነው። የሳሙናው ውህድ ሲያድር ይረጋል፣ ይዳከማልም፤ ስለዚህ ማነጻጸሪያው በየቀኑ እንደገና ይለካ።

ከሁሉ የሚጥመኝ ቀጣዩ እርምጃ ነው። ያው ውሃ 15 ደቂቃ ይፍላ፤ ሲበርድ ይጠለልና የተነነው በተጣራ ውሃ ይተካ። አሁን 2.5 ሚሊ ሊትር ብቻ ቢወስድ ጠጣርነቱ ወደ 66 ወርዷል ማለት ነው። የጠፋው ክፍል ጊዜያዊ ጠጣርነት ሲሆን የት እንደገባ ማንቆርቆሪያው ይናገራል፤ ሥሩ ላይ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት እሱ ነው። ቅርፊቱ ላይ አቼቶ ቢንጠባጠብበት እየተንፈቀፈቀ ይሟሟል፤ የሚወጣው ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሎሚም ይህንኑ ያደርጋል። አሲድ በነካው ዕቃ አጠገብ በረኪና መቅረብ የለበትም፤ ሲቀላቀሉ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

አሲድ ሌላም ወጥመድ አለው። በአቼቶ የጸዳ ጠርሙስ በደንብ ካልታጠበ አሲዱ ራሱ ሳሙናውን ይሰብረውና ውሃው ጠጣር ይመስላል። ሁለቱን ለመለየት ከርከዴ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፎ ጥቂት ጠብታ ማድረግ ይበቃል፤ አሲድ ካለ ደማቅ ቀይ ይሆናል፣ ቤዝ ከበዛ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ሙከራው ግን በሌላ ብርጭቆ ይሁን፤ ከርከዴ ራሱ ኮምጣጣ ስለሆነ ለልኬት በተዘጋጀው ውሃ ውስጥ መግባት የለበትም።

በማፍላት የማይለቀውን ቋሚ ጠጣርነት ለመፈተን ደግሞ የእንጨት አመድ አለ። 100 ግራም የተነፋ አመድ በግማሽ ሊትር የተጣራ ውሃ አድሮ ይጠለል፤ ቆዳ ስለሚያቃጥል ጓንት ይደረግ። አመዱ የሚለቀው ፖታሲየም ካርቦኔት ካልሲየሙን ወደ ሥር ያወርደዋል። 5 ሚሊ ሊትሩን ለ100 ሚሊ ሊትር ጠጣር ውሃ ጨምሮ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ፣ የደፈረሰውን ማጥለልና በሳሙና መለካት ነው። የተጨመረው አመድ ውሃ ናሙናውን ስላቀጠነው ውጤቱ በ1.05 ይባዛል። ቀጥሎ 2፣ ከዚያም 10 ሚሊ ሊትር አመድ ውሃ እየጨመሩ መሞከር ይቻላል፤ የሚፈለገው ተጨማሪ አመድ ውሃ ጠጣርነቱን መቀነስ የሚያቆምበት ቦታ ነው።