«የመልካም ዝና ጉዳት» ያስደነገጠው ባለአክሲዮን
አቻ የሌላቸው የሒሳብ ቃላት በአማርኛ እንዴት ይጻፉ?

በአንድ አክሲዮን ማኅበር ዓመታዊ ሪፖርት ላይ እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር ወጣ እንበል፦ «በበጀት ዓመቱ የ5 ሚሊዮን ብር የመልካም ዝና ጉዳት ተመዝግቧል።» ሪፖርቱን የሚያነበው ባለአክሲዮን ይደነግጣል። ስማችንን ማን አጠፋው? ተከሰስን እንዴ? ደንበኛ ሸሸን? ብሎ ይጠይቃል። የሒሳብ ሹሙ ግን ስለ ስም ማጥፋት አንዳች አላሰበም። ሊናገር የፈለገው ማኅበሩ ከጥቂት ዓመታት በፊት ሌላ ድርጅት ሲገዛ ከከፈለው ዋጋ ውስጥ 5 ሚሊዮኑ የታሰበለትን ጥቅም እንደማያስገኝ ነው።

ዓረፍተ ነገሩ የሰዋስው ግድፈት የለበትም። ቃሉም በመዝገበ ቃላት አለ፤ የሕግ ሰዎችም «የንግድ መልካም ዝና» ሲሉ ይጠቀሙበታል። ጥፋቱ ያለው እንግሊዝኛው ጉድዊል የሚለው ቃል በሕግና በሒሳብ መዝገብ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን የሚጠራ መሆኑ ላይ ነው።

በንግድ ሕግ ጉድዊል ማለት ነጋዴው ከደንበኞቹ ጋር ካለው ግንኙነት የሚመነጭ ዋጋ ነው። ሰፈሩ የለመደው ሱቅ፣ ከሩቅ የሚመጣለት ልብስ ሰፊ፣ ስሙ የታወቀ ምግብ ቤት ይህ ዋጋ አለው። ለዚህ «መልካም ዝና» ጥሩ ቃል ነው፤ ሰው ሲሰማው የሚያስበውና ሕጉ የሚለው ይቀራረባሉ። የሒሳብ መዝገቡ ጉድዊል ግን ሌላ ነው፤ ከስሌት የሚተርፍ ልዩነት ነው።

በቁጥር እንየው። አንድ ማኅበር አንድ የዳቦ ፋብሪካ በ50 ሚሊዮን ብር ገዛ። ሕንፃው፣ ምድጃዎቹ፣ መኪኖቹ፣ በመጋዘን ያለው ዱቄትና ሌላውም ተለይቶ ሊቆጠር የሚችል ሀብት ሁሉ በዕለቱ ዋጋ ሲገመት 46 ሚሊዮን ብር ሆነ። ፋብሪካው ያለበት ዕዳ ደግሞ 8 ሚሊዮን ነው። ስለዚህ የተጣራው ሀብት 38 ሚሊዮን ብር ነው። ገዢው ግን 50 ሚሊዮን ከፍሏል። የ12 ሚሊዮኑ ልዩነት ጉድዊል ተብሎ በገዢው መዝገብ ይገባል። በውስጡ የፋብሪካው ስም ሊኖር ይችላል፤ ነገር ግን የሠራተኞቹ ቅንጅት፣ ሁለቱ ድርጅቶች አብረው ሲሠሩ ይገኛል የተባለው ጥቅም፣ አንዳንዴም በድርድር ተወጥሮ ያለቅጥ የተጨመረ ገንዘብ አለበት።

አሁን «መልካም ዝና» የሚለው ቃል አንባቢውን ወዴት እንደሚወስደው እንከተል። አንደኛ፣ ዝና ያለው ድርጅት ሁሉ ይህን ዝናውን በመዝገቡ ማስፈር የሚችል ይመስለዋል። ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ ግን ድርጅት በራሱ ጥረት ያፈራውን ጉድዊል እንደ ሀብት እንዲመዘግብ አይፈቅድም። ሃምሳ ዓመት የተከበረ ሱቅ በራሱ መዝገብ ጉድዊሉ ዜሮ ነው፤ መዝገብ ላይ የሚወጣው ሌላው ሲገዛው፣ በገዢው ደብተር ነው። ሁለተኛ፣ በየዓመቱ የሚደረገው የዋጋ ምርመራ ጉድዊሉ መቀነሱን ሲያሳይ፣ ከላይ እንዳየነው «የዝና ጉዳት» ይሆናል። ሦስተኛው ደግሞ ያስቃል። ገዢው ከተጣራው ሀብት ያነሰ ከከፈለ፣ ለምሳሌ ያንኑ ፋብሪካ በ30 ሚሊዮን ካገኘው፣ ባለሙያዎች በልማድ ኔጋቲቭ ጉድዊል የሚሉት ነገር ይፈጠራል። ቃል በቃል ከተተረጎመ «አሉታዊ መልካም ዝና» ይሆናል፤ አንባቢው መጥፎ ስም ያለው ድርጅት ገዝተን ኖሯል ብሎ ያዝናል። እውነታው ግን ገዢው በርካሽ ገዝቶ 8 ሚሊዮን ብር ማትረፉ ነው።

ከዚህ የምንማረው ለእንግዳ ጽንሰ ሐሳብ በጣም አደገኛው እንግዳ ቃል እንዳልሆነ ነው። «ጉድዊል» የሚል ቃል ሲያጋጥመው አንባቢ ይቆማል፤ ምንድን ነው? ይላል። «መልካም ዝና» ሲያጋጥመው ግን የገባው መስሎት ያልፋል። ስለዚህ ተርጓሚው ከፊቱ ያሉትን ሦስት መንገዶች፣ መዋስን፣ ማብራራትንና የግርጌ ማስታወሻን፣ መምረጥ ያለበት ይህን አስቦ ነው።

መዋስ ለአማርኛ አዲስ አይደለም። ባንክ፣ ቼክ፣ ኦዲት፣ ታክስ ከእኛ ጋር የኖሩ ናቸው። ከሃያ ዓመት በፊት የታክስ ማሻሻያው ሲመጣ ሕግ አውጪው ለሁለት ታክሶች ሁለት መንገድ ተጠቀመ። አንዱን አብራርቶ «ተጨማሪ እሴት ታክስ» ብሎ በአዋጅ ቁጥር 285/1994 ደነገገው፤ ሌላውን እንዳለ ተውሶ «ተርን ኦቨር ታክስ» ሲል በአዋጅ ቁጥር 308/1995 አወጣው። ገበያው ደግሞ የራሱን መረጠ፦ ለመጀመሪያው ሰው ሁሉ «ቫት» ይላል። በጽሑፍ ረጅሙ፣ በአፍ አጭሩ ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ ማንም አልተደናገረም። ምክንያቱም ሁለቱም አንድን ነገር ብቻ ስለሚጠሩ ነው።

ለተውሶ ቃል ሁለት ፈተናዎች አሉት። የመጀመሪያው የአማርኛን ቅጥያ መቀበሉ ነው፦ ጉድዊሉ፣ የጉድዊሉ፣ ጉድዊላቸው ሲባል ምላስ አያደናቅፍም። ሁለተኛው አጻጻፉ አንድ መሆኑ ነው። በአንድ ሪፖርት ውስጥ «ጉድዊል»፣ «ጉድ ዊል» እና «መልካም ዝና» እየተቀያየሩ ከመጡ አንባቢው ሦስት የተለያዩ ሒሳቦች ይመስሉታል።

ማብራራት ሌላው መንገድ ነው፤ ጉልበቱም ድካሙም የሚታየው ኢቢትዳ ላይ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የአንዱን አክሲዮን ዋጋ 300 ብር አድርጎ ለሕዝብ መሸጥ ሲጀምር፣ የሒሳብ ትምህርት ያልነካው ብዙ ሰው የኩባንያ የፋይናንስ መረጃ ማንበብ አስፈለገው። ኢቢትዳ የሚለው ቃልም በቴሌኮም ኩባንያዎች ሪፖርት የተለመደ ነው፤ ማማና ገመድ ላይ ብዙ ገንዘብ ስለሚያፈሱ የእርጅና ቅናሻቸው ከባድ ነውና።

ቃሉ የስድስት እንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደላት ነው። እንደ ቫት አንድ ቃል አድርጎ «ኢቢትዳ» ማለት ፊደል በፊደል «ኢ.ቢ.አይ.ቲ.ዲ.ኤ» ከመቁጠር ይሻላል። ፍቺውን ብዙዎች «ከወለድ፣ ከታክስና ከእርጅና ቅናሽ በፊት ያለ ትርፍ» ብለው ይተረጉሙታል። «በፊት» የሚለው ቃል ግን በአማርኛ መጀመሪያ የሚያሳስበው ጊዜን ነው፤ አንባቢው ወለዱ ከመከፈሉ ቀደም ብሎ በካዝና የነበረ ገንዘብ ይመስለዋል። «ወለድ፣ ታክስና የእርጅና ቅናሽ ሳይቀነስ የሚታይ ትርፍ» ቢባል ስሌቱ ከነሥራው ይታያል።

ለማሳጠር ሲባል «ያልተጣራ ትርፍ» ማለት ግን አይሆንም። ይህ ቃል ተይዟል፤ ከሽያጭ ገቢ ላይ የተሸጠው ዕቃ ወጪ ብቻ ሲቀነስ የሚገኘውን ትርፍ ይጠራል። ኢቢትዳ ደሞዝን፣ ማስታወቂያንና ሌላውንም የሥራ ማስኬጃ ወጪ ቀንሶ የሚቀር ነው። ሁለቱ በአንድ ሠንጠረዥ በአንድ ስም ከገቡ ቁጥሮቹ እርስ በርስ ይጣላሉ።

የማብራሪያው ድካም ርዝመቱ ነው። በአንቀጽ ውስጥ አንድ ጊዜ ደስ ይላል፤ በአንድ ገጽ ስምንቴ ሲደጋገም፣ በተለይ በጠባብ የሠንጠረዥ ዓምድ ውስጥ፣ ዓይን ያደክማል። «ኢቢትዳው አደገ» ማለት ይቀላል፤ በረጅሙ ሐረግ ግን ዓረፍተ ነገሩ ግሡ ጋ ሳይደርስ ይዝላል። ስለዚህ የሚበጀው መጀመሪያ ሲመጣ ማብራሪያውንና የተውሶውን ስም አንድ ላይ መስጠት፣ ከዚያ በኋላ በስሙ ብቻ መቀጠል ነው፦ «ወለድ፣ ታክስና የእርጅና ቅናሽ ሳይቀነስ የሚታየው ትርፍ፣ ከእንግዲህ ኢቢትዳ የምንለው፣ 35 ሚሊዮን ብር ደርሷል።»

ታዲያ የግርጌ ማስታወሻው ምን ይሥራ? ብዙ ጊዜ ትርጉሙን ደግሞ ይጽፋል፤ ይህ ቦታ ማባከን ነው። ትክክለኛ ሥራው በጽሑፉ ውስጥ ቢገባ ንባቡን የሚሰብረውን ስሌት መያዝ ነው። ኢቢትዳ ላይ ይህ ግዴታ ለመሆን ጥቂት ይቀረዋል፤ ምክንያቱም ዓለም አቀፉ የሪፖርት ደረጃ ለቃሉ ፍቺ አልሰጠውም። አንዱ ኩባንያ የውጭ ምንዛሪ ኪሳራን መልሶ ይደምራል፣ ሌላው አይደምርም። ሁለቱም ውጤቱን ኢቢትዳ ይሉታል። አንባቢው ሊያወዳድራቸው የሚችለው ግርጌው እንዲህ ካለው ብቻ ነው፦ «የተጣራ ትርፍ 14 ሚሊዮን፣ ሲደመር ታክስ 6 ሚሊዮን፣ ወለድ 5 ሚሊዮን፣ የእርጅና ቅናሽ 10 ሚሊዮን፤ በድምሩ 35 ሚሊዮን ብር። የምንዛሪ ልዩነት አልተደመረም።» አንባቢው ከዚህ ሌላም ነገር ያያል፦ ከ35 ሚሊዮኑ ለባለአክሲዮኖች የቀረው 14 ሚሊዮን ብቻ ነው። የትርፍ ድርሻውን በ35 ሚሊዮኑ ልክ እያሰላ የመጣ ሰው እዚያው ይመለሳል።

የጉድዊሉም ግርጌ እንዲሁ ነው፦ ማን ተገዛ፣ በስንት፣ የተጣራ ሀብቱ ስንት ነበር። በመግቢያችን ያለው ዓረፍተ ነገር በዚህ መንገድ ሲታረም እንዲህ ይነበባል፦ «የዳቦ ፋብሪካውን ስንገዛ ከተጣራ ሀብቱ በላይ ከከፈልነው 12 ሚሊዮን ብር፣ ማለትም ከጉድዊሉ፣ ዘንድሮ የ5 ሚሊዮን ብር የዋጋ ቅናሽ ተመዝግቧል።» ከቀድሞው ይረዝማል። ነገር ግን ባለአክሲዮኑ የሚጠይቀው ጥያቄ ተለውጧል፤ «ስማችንን ማን አጠፋው?» ማለቱን ትቶ «ለምን ያን ያህል ከፈላችሁ?» ይላል። መጠየቅ የነበረበትም ይህንኑ ነው።

ግርጌ የማይሠራበት ቦታ አለ። በጠቅላላ ጉባኤ ሪፖርቱ በድምፅ ሲነበብ ግርጌውን የሚያነብ የለም፤ በሬዲዮም እንደዚያው። በስልክ በሚነበብ ፋይል ደግሞ ማስታወሻው ከቁጥሩ ርቆ ስለሚወድቅ ብዙ ሰው አይከተለውም። ለጆሮ የሚዘጋጅ ጽሑፍ ማብራሪያውን በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ መያዝ፣ ሲያስፈልግም መድገም አለበት። በሕግ ጽሑፍም ግርጌ ቦታ የለውም፤ የእሱን ሥራ የሚሠራው በአዋጆቻችን መጀመሪያ ላይ የሚመጣው የትርጓሜ አንቀጽ ነው። በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ የመጨረሻ ሕጋዊ ተቀባይነት ያለው የአማርኛው ቅጂ ስለሆነ፣ የሕግ ሰነድ ወይም ውል የሚተረጉም ሰው አዋጁ የመረጠውን ቃል መከተል ይኖርበታል። አዋጁ «መልካም ዝና» ካለ እሱም «መልካም ዝና» ይላል፤ የሒሳቡን ትርጉም የሚለየው ራሱ ውሉ ውስጥ በሚያስገባው የትርጓሜ አንቀጽ ነው።

ትርጉሙ መሳካቱን ለማወቅ «ገባህ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ሁሉም «አዎ» ይላል። የሒሳብ ባለሙያ ላልሆነ ሰው ገጹን ሰጥቶ አንድ ነገር እንዲያሰላ መጠየቅ ይሻላል፦ ፋብሪካው በ44 ሚሊዮን ብር ተገዝቶ ቢሆን ጉድዊሉ ስንት ይሆን ነበር? 6 ሚሊዮን ካለ ጽሑፉ ሥራውን ሠርቷል። ስለ ፋብሪካው ስምና ደንበኞች ማውራት ከጀመረ፣ ቃሉ ተለውጦ እንደገና ይጻፍ።