ተጨማሪ መረጃ፦ ትንሽ ፎቶ ሲጎላ ለምን ይደበዝዛል?

የአዋሽን ባቡር ጣቢያ የሚያሳይ 200 በ150 ፒክስል ፎቶ አለን እንበል። በየጎኑ አራት እጥፍ ሲለጠጥ 480,000 ፒክስል ይሆናል፤ ካሜራው የመዘገበው ግን 30,000 ብቻ ነው። የቀረውን ኮምፒውተሩ በስሌት ይገምታል።

«የቅርብ ጎረቤት» የተባለው ስልት አጠገቡ ያለውን ቀለም እንዳለ ይገለብጣል፤ የጣሪያው ጠርዝ እንደ ደረጃ ይሆናል። ባይኪዩቢክ ግን በዙሪያው ያሉትን 16 ፒክስሎች እንደ ርቀታቸው መዝኖ አዲስ ዋጋ ያሰላል። በጥቁሩ ጣሪያ (40) እና በብሩሁ ሰማይ (200) እኩል መሃል ላይ 120 ያስገባል፤ ጠርዙ ይለሰልሳል፣ ይደበዝዛልም።

ለፎቶ ባይኪዩቢክ ይሻላል። በሰመራ ዙሪያ የመሬት አጠቃቀም ካርታ ላይ ግን አትጠቀሙበት፤ 1 ውሃ፣ 2 ግጦሽ፣ 3 እርሻ ከሆነ፣ በወንዙና በማሳው መካከል የሌለ ግጦሽ ይፈጥራል።