ዋይፋዩን ይዟል፣ ኢንተርኔት ግን የለውም

ከቤቱ ይዞት የመጣውን ስቲክ የሆቴል ክፍሉ ቴሌቪዥን ላይ የሰካ እንግዳ የሚገጥመው ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። የሆቴሉ ዋይፋይ ዝርዝሩ ላይ ይታያል፣ ፓስወርድም ሳይጠይቅ ያገናኛል። ዩቲዩብ ሲከፈት ግን ኢንተርኔት የለም ይላል። ያው ዋይፋይ ስልኩ ላይ እንደ ልብ ይሠራል። ይሄኔ ብዙው ሰው ስቲኩ ተበላሽቷል ብሎ ይነቅለዋል። ስቲኩ ግን ደህና ነው።

በእንዲህ ዓይነት ቦታ ዋይፋዩን መያዝና ኢንተርኔት ማግኘት ለየቅል ናቸው። አዲስ የመጣን ዕቃ ሁሉ ዋይፋዩ ይቀበለዋል፤ የመግቢያው ገጽ እስኪሞላ ድረስ ግን ወደ ውጭ አያሳልፈውም። እንግዳው ስሙንና የክፍል ቁጥሩን ሲያስገባ ደግሞ ሲስተሙ የሚመዘግበው ሰውየውን ሳይሆን የያዘውን ዕቃ ነው፤ ማለትም የስልኩን ማክ አድራሻ፣ እያንዳንዱ ዕቃ የሚታወቅበትን ባለ 12 ፊደልና ቁጥር መለያ። ስልኩ ገባ ማለት ቴሌቪዥኑ ገባ ማለት አይደለም።

ስልክ ላይ ገጹ በራሱ ብቅ የሚለውም ያለ ምክንያት አይደለም። ስልኩ ዋይፋይ እንደያዘ ለሙከራ አንድ አጭር ጥያቄ ይልካል፤ አይፎን ለምሳሌ captive.apple.com ወደሚባል አድራሻ። የጠበቀው መልስ ካልመጣ መግቢያ ገጽ እንዳለ ይረዳና ይከፍተዋል። ብራውዘር የሌለው ስቲክ ቢረዳም እንኳ ገጹን የሚያሳይበት የለውም። ሪሞት ያልነበራቸው የድሮዎቹ ክሮምካስቶች እዚህ ላይ ይቀራሉ። ፋየር ቲቪ ስቲክ ገጹን ራሱ ይከፍታል፤ በሪሞት ፊደል እየለቀሙ መሙላት ትዕግሥት ይፈልጋል እንጂ ይሆናል። የሮኩ መላ ሳይበልጥ አይቀርም፦ ሆቴል ወይም ዶርም ውስጥ ነኝ የሚለው ምርጫ ሲነካ ስቲኩ የራሱን ጊዜያዊ ዋይፋይ ያወጣል፣ ስልክ በዚያ ገብቶ ገጹን በሮኩ ስም ይሞላለታል።

ይህ ሁሉ ያልሠራለት፣ ግን ዊንዶውስ 11 ያለው ላፕቶፕ የያዘ እንግዳ ግን አይቸገርም። መጀመሪያ ላፕቶፑን በሆቴሉ ገጽ ያስገባዋል። ከዚያ Settings፣ Network & internet፣ Mobile hotspot ብሎ ይገባና የሚጋራው ኢንተርኔት Wi-Fi መሆኑን ያረጋግጣል፤ ለአዲሱ ዋይፋይ ስምና ፓስወርድ ሰጥቶ ያበራዋል። ስቲኩ የላፕቶፑን ዋይፋይ ዝርዝሩ ውስጥ ካላገኘው እዚያው Network band ላይ 2.4 GHz መምረጥ ነው፤ አንዳንድ የቆዩ ስቲኮች 5 GHz አያዩም። አሁን ስቲኩ የሚገናኘው ከላፕቶፑ ጋር ነው፣ ሆቴሉም የሚያየው አንድ ላፕቶፕ ብቻ ነው።

ሌላም ጥቅም አለው። ብዙ ሆቴሎች የአንዱ እንግዳ ስልክ የሌላውን ዕቃ እንዳያይ ይጋርዳሉ፤ ተገቢም ነው፣ አለዚያ የጎረቤት ክፍል ልጅ የፈለገውን ቪዲዮ በሰው ቴሌቪዥን ላይ ይለቅ ነበር። በዚህ የተነሳ ከስልክ ወደ ቴሌቪዥን ቪዲዮ መላክ አይቻልም። ስልኩም ስቲኩም ላፕቶፑ ላይ ሲሰባሰቡ ግን ይተያያሉ።

ፊልሙ መሐል ላይ ቢቆም መጀመሪያ መታየት ያለበት ላፕቶፑ ነው፤ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ቻርጀሩ ላይ መዋል አለበት፣ እንቅልፉም መጥፋት አለበት። በላፕቶፑ ፈንታ አይፎን ለመጠቀም የሚያስብ ሰው ደግሞ ይጠንቀቅ፦ የአይፎን ሆትስፖት የሚያጋራው የሲም ካርዱን ዳታ እንጂ የሆቴሉን ዋይፋይ አይደለም፤ አንድ ፊልም ፓኬጁን ጠራርጎ ሊጨርሰው ይችላል። አንዳንድ የአንድሮይድ ስልኮች ግን የያዙትን ዋይፋይ ማጋራት ይችላሉ። መግቢያው ገጽ አልከፈት ካለ ቪፒኤን ማጥፋትና ብራውዘር ላይ neverssl.com ብሎ መጻፍ ብዙ ጊዜ ያመጣዋል።

የዩኒቨርሲቲ ዶርም መንገዱ ሌላ ነው። ኤዱሮም የሚባለው የተማሪዎች ዋይፋይ የእያንዳንዱን ሰው መለያ ስምና ፓስወርድ የሚጠይቅ ሲሆን፣ አብዛኛው ቴሌቪዥን በዚያ መልክ መግባት አይችልም። ላፕቶፕን ወይም ራውተርን ዋይፋይ ማስወጣትም በብዙ ግቢዎች ክልክል ነው። ስለዚህ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው የቴሌቪዥኑን ማክ አድራሻ ራሱ እንዲያስመዘግብ ገጽ አዘጋጅተዋል። አድራሻው የሚገኘው ቴሌቪዥኑ ሴቲንግ ውስጥ፣ ስለ ኔትወርኩ በሚገልጸው ክፍል ነው። ስህተት የሚበዛውም እዚህ ነው። የኬብሉና የዋይፋዩ አድራሻ የተለያዩ ናቸው፤ የሚፈለገው የዋይፋዩ ነው። ከፊደላትም የሚገቡት ከA እስከ F ያሉት ብቻ ስለሆኑ፣ ክብ ሆኖ የሚታየው ሁልጊዜ ዜሮ ነው፣ O አይደለም። B እና 8 ግን ሁለቱም ሊኖሩ ስለሚችሉ ስክሪኑን በስልክ ፎቶ አንስቶ፣ አጉልቶ እያዩ መገልበጥ ይሻላል።